መብራት ሲሄድ የሚጻፍ ቁጥር፦ የአንድ ቡና መቀሸሪያ ሰዓት ቆጣሪ ጉዳይ

ደብተሩ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ጠዋት የተጻፈው 326:35 ይላል። በማግስቱ ጠዋት የተጻፈው ደግሞ 310:38። የመቀሸሪያው ባለቤት እትዬ ጣታቸውን ሁለተኛው ቁጥር ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቆጣሪውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ያለው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የቡና መቀሸሪያ ውስጥ ነው። ጀንፈል ይገባል፣ የተቀሸረ ቡና ይወጣል። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ቺንጋውም ኩሽኔታውም የሚቀየረው ማሽኑ በሠራው ሰዓት ልክ ነው። ስለዚህ እትዬ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደዞረ የሚቆጥር ነገር ፈለጉ። እኔ ጅማ ውስጥ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። «ቀላል ነው» ብዬ ተቀበልኩ።

ሥራው በእርግጥም ቀላል ይመስላል። አንድ አርዱዊኖ ናኖ የሚባል ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ፣ አንድ ባለ ሁለት መስመር ስክሪን፣ አንድ የስልክ ቻርጀር። ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ ትርፍ ኮንታክት አለው። ሞተሩ ሲነሳ ይዘጋል፣ ሲቆም ይከፈታል። ናኖው ያንን እያየ ሰከንድ ይቆጥራል። የቀረው መብራት ሲሄድ ቁጥሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ናኖው ላይ ያለው ቺፕ፣ ኤቲሜጋ328ፒ፣ የራሱ ኢኢፕሮም አለው። መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚይዝ 1,024 ባይት ማስታወሻ ነው።

ይህን ቆጣሪ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። የመጀመሪያው ኢኢፕሮሙን ጨረሰው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስህተት ሲያስተካክል ሌላ ስህተት ወለደ። ለጽሑፉ ምክንያት የሆነኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው፦ በየሰከንዱ መጻፍ

የመጀመሪያው ፕሮግራም ሞተሩ በዞረ ቁጥር፣ በየሰከንዱ ድምሩን አድራሻ 0 ላይ ይጽፍ ነበር። ድምሩ አራት ባይት ነው። በ`EEPROM.put` ነበር የምጽፈው። ይህ ትእዛዝ ባይቱ ካልተለወጠ አይጽፍም። ያ ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር።

አይበቃም። ሰከንድ በጨመረ ቁጥር የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ይለወጣል። ሁለተኛው የሚለወጠው በ256 ሰከንድ አንዴ ነው። ሦስተኛው በ65,536 ሰከንድ አንዴ። ስለዚህ ድካሙ ሁሉ አንድ ባይት ላይ ይወድቃል። የቺፑ መግለጫ አንድ የኢኢፕሮም ባይት 100,000 ጊዜ ያህል ተሰርዞ መጻፍ እንደሚችል ይናገራል። ማሽኑ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 28,800 ሰከንድ ነው። አምራቹ ዋስ የሚሆንበት ዕድሜ በአራት ቀን ውስጥ አለቀ ማለት ነው።

ነገር ግን በአራተኛው ቀን ምንም አልሆነም። የሚያታልለውም ይህ ነው። 100,000 አምራቹ እስከዚያ ድረስ ቃል የሚገባበት ቁጥር እንጂ ባይቱ የሚሞትበት ቀን አይደለም። የእኔው ሰባት ሳምንት ያህል ቆየ። በሳምንት ስድስት የሥራ ቀን ብንቆጥር 1,200,000 ጊዜ አካባቢ ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ድምሩ ጥቂት ደቂቃ ይዛነፍ ጀመር። አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ይቀንሳል። መዛነፉ ግን መቼም ከአራት ደቂቃ ከሩብ አያልፍም።

አራት ደቂቃ ከሩብ 255 ሰከንድ ነው። አንድ ባይት ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ናኖውን ነቅዬ ጠረጴዛዬ ላይ አመጣሁት። አድራሻ 0 ላይ `0x00`፣ `0xFF`፣ `0x55`፣ `0xAA` እየጻፍኩ መልሼ አነበብኩ። እንደጻፍኩ ወዲያው ሳነብ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበር። አሳድሬ ጠዋት ሳነብ ግን ተለውጦ አገኘሁት። አድራሻ 1፣ 2 እና 3 እንደጻፍኳቸው አድረዋል።

ያለቀ የኢኢፕሮም ባይት በአንድ ጊዜ ድርግም አይልም። መጀመሪያ የሚያጣው የመያዝ አቅሙን ነው። የተጻፈበትን ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል። እንደጻፉ መልሶ ማንበብ ጥሩ ነው፤ ጨርሶ የሞተ ባይት ያሳያል። እየሞተ ያለውን ግን አያሳይም።

ሁለተኛው፦ ሲቆም ብቻ መጻፍ

መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። በየሰከንዱ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ሞተሩ ሲቆም ብቻ ይጻፍ። ማሽኑ በቀን ሃያ ጊዜ ያህል ይነሳል፣ ይቆማል። በቀን ሃያ ጽሑፍ ከሆነ 100,000 ለመድረስ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። አዲስ ናኖ ገዛሁ። እግረ መንገዴን ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ የሚቆጥር ሁለት ባይት ጨመርኩበት። መዝገቡ ስድስት ባይት ሆነ። ወስጄ ገጠምኩት።

ሳምንታት በሰላም አለፉ። ከዚያ እትዬ ደብተሩን ይዘው መጡ።

ማሽኑን የሚያሠራውን ልጅ ጠየቅኩት። ጠዋት ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል እንደሠራ፣ ከዚያ መብራት እንደሄደ፣ እስከ ማታም እንዳልመጣ ነገረኝ። እንግዲህ ቁጥሩ 328:50 አካባቢ መሆን ነበረበት። ያለው 310:38 ነው። ልዩነቱን አወጣሁት። 18 ሰዓት ከ12 ደቂቃ።

18 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማለት 65,536 ሰከንድ ነው። ሦስተኛው ባይት በአንድ ሲጎድል የሚጠፋው ልክ ይህን ያህል ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እንዲህ ያለ ልከኛ ቁጥር አይሆንም ነበር። ጽሑፉ መሃል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው።

ባይት በባይት እንየው። ከላይ ወደ ታች አሮጌው፣ መጻፍ የነበረበትና የተገኘው ነው። ትንሹ ባይት በግራ በኩል ነው።

```
A4 F0 11 00   = 1175716 s = 326:35:16
48 10 12 00   = 1183816 s = 328:50:16
48 10 11 00   = 1118280 s = 310:38:00
```

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች አዲስ ናቸው። ሦስተኛው የድሮው ነው። ግማሹ የዛሬ፣ ግማሹ የትናንት። አሮጌው ትክክል ነበር፣ አዲሱም ትክክል ነበር። የሁለቱ ቅልቅል ግን ማሽኑ ከቀናት በፊት ያለፈው ቁጥር ሆነ። ቺፑ ደግሞ ይህ ውሸት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አራት ባይት አራት ባይት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ባይት ለመጻፍ 3.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። በቀን ሃያ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ነገር፣ መብራቱ ሲሄድ እንዴት ልክ በዚያች ቅጽበት ላይ ሊገጥም ቻለ? በአጋጣሚ ከሆነ የማይታመን ነው። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም።

አጋጣሚ አይደለም። ራሴ ነኝ ያገናኘኋቸው። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል አስቡት። መብራቱ ይሄዳል። ኮንታክተሩ ይለቃል። ናኖው ግን አልጠፋም፤ ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ለጥቂት ሚሊሰከንድ ያቆየዋል። ናኖው ኮንታክቱን ያያል፤ ተከፍቷል። «ሞተሩ ቆመ» ይላል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ጻፍ ብዬዋለሁ። ይጽፋል። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ሁልጊዜ፣ ልክ እየሞተ ሳለ መጻፍ ይጀምራል።

ከአንድ ወዳጄ ኦሲሎስኮፕ ተውሼ ለካሁት። ኮንታክተሩ ከለቀቀ በኋላ ቮልቴጁ ከ3.8 በታች እስኪወርድ 35 ሚሊሰከንድ ያህል አለ። ከዚያ ውስጥ 25ቱን ፕሮግራሜ ኮንታክቱ እውነት መከፈቱን ለማረጋገጥ እየጠበቀ ይጨርሰዋል። የቀረው 10 ሚሊሰከንድ ነው። ሦስት ባይት ለመጻፍ 9.9 ያስፈልጋል። ሦስተኛው ባይት ልክ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል።

ለምን ሳምንታት ያህል ሳይታይ እንደቆየም ከዚህ ገባኝ። ብዙውን ጊዜ የሚለወጡት የሰከንዱ ሁለት ባይቶችና አንድ የመነሻ ቆጣሪ ባይት ናቸው። ሦስተኛው ሆኖ የሚወድቀው የመነሻ ቆጣሪው ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይመለከተውም። ድምሩ የሚበላሸው ከ18 ሰዓት ሥራ አንዴ፣ የሰከንዱ ሦስተኛ ባይት በሚቀየርበት ጊዜ መብራት ከሄደ ብቻ ነው። ስህተቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የወደቀው ባይት ሁልጊዜ የድሮውን ይዞ አይቀርም። ኢኢፕሮም መጀመሪያ ይሰርዛል፣ ከዚያ ይጽፋል። የተሰረዘ ባይት `0xFF` ነው። በሁለቱ መሃል ከተቋረጠ `0xFF` ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ወይም እንደ ሙቀቱና እንደ ቮልቴጁ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚነበብ ሊሆን ይችላል። እኔ ያጋጠመኝ ንጹሁ ዓይነት ነው። በዚህ ዕድለኛ ነበርኩ፤ ንጹህ ባይሆን ኖሮ 65,536ን አላየውም ነበር።

ካፓሲተር ልጨምር?

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጊዜ መግዛት ነበር። ትልቅ ካፓሲተር፣ ከፊቱ አንድ ዳዮድ፣ ናኖው ጽፎ እስኪጨርስ ያቆየዋል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ t = C × ΔV / I። ሰሌዳው ከነስክሪኑ 40 ሚሊአምፔር ይወስዳል እንበል። ከ4.9 ወደ 4.3 ቮልት እስኪወርድ 1,000 ማይክሮፋራድ 15 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። 4,700 ማይክሮፋራድ 70 ይሰጣል። ለእኔ 70 ይበቃኛል።

ግን ተውኩት። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በሙቀት እያረጀ አቅሙ ይቀንሳል። መቀሸሪያው ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ አቧራና ገለባ ሞልቶታል። ዛሬ 70 የሰጠኝ ከሦስት ዓመት በኋላ 40 ቢሰጠኝ ማን ይነግረኛል? ከዚህም በላይ ደግሞ ውድድሩ ራሱ አልጣመኝም። መብራቱን ለመቅደም ከመሮጥ፣ ብሸነፍ እንኳ ብዙ የማላጣበትን መንገድ መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው፦ ስልሳ አራት ቦታ

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። የመጨረሻው ትክክለኛ መዝገብ ላይ ፈጽሞ አትጻፍበት። አዲሱን ሌላ ቦታ ጻፍ። አዲሱ ሳያልቅ መብራት ከሄደ፣ የቀደመው እንዳለ አለ።

ኢኢፕሮሙን በ64 ቦታ ከፈልኩት። እያንዳንዱ ቦታ አሥር ባይት ነው፤ በጠቅላላው 640 ባይት። መዝገቡ በየተራ ይዞራል፦ 0፣ 1፣ 2 … 63፣ ከዚያ እንደገና 0። እያንዳንዱ መዝገብ አራት ነገር ይይዛል፦

```c
struct Rec {
  uint16_t seq;
  uint32_t sec;
  uint16_t starts;
  uint16_t crc;
};
```

`seq` ተራ ቁጥር ነው፤ በተጻፈ ቁጥር በአንድ ይጨምራል። የትኛው መዝገብ የቅርብ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። `crc` ደግሞ ከፊቱ ካሉት ስምንት ባይቶች በሂሳብ የሚወጣ ማረጋገጫ ነው። ከስምንቱ አንዱ ቢለወጥ ሂሳቡ አይገጥምም። መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው፤ የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ መሃል ላይ የተቋረጠ መዝገብ አዲስ ቁጥርና አሮጌ ማረጋገጫ ይዞ ይቀራል። ያኔ ወዲያው ይጋለጣል። የተበላሸ መዝገብ በአጋጣሚ ትክክል መስሎ የማለፍ ዕድሉ ከ65,536 አንድ ነው። ያንንም እቀበላለሁ።

አጻጻፉ ይኸውና፦

```c
void save() {
  r.seq++;
  r.crc = crcOf(r);
  for (uint8_t i = 0; i < 3; i++) {
    Rec t;
    slot = (slot + 1) % 64;
    EEPROM.put(slot * 10, r);
    EEPROM.get(slot * 10, t);
    if (memcmp(&t, &r, 10) == 0) return;
  }
}
```

ጽፎ መልሶ ያነባል። ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋል፤ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ጨርሶ የሞተ ባይት ካለ ያ ቦታ እየታለፈ ሥራው ይቀጥላል። ማረጋገጫውን ለማስላት `util/crc16.h` ውስጥ ያለውን `_crc16_update` ተጠቅሜ ከ`0xFFFF` ነው የምጀምረው። ከዜሮ ከጀመሩ፣ ሁሉም ባይት ዜሮ የሆነ መዝገብ ማረጋገጫውም ዜሮ ይሆንና ትክክል መስሎ ያልፋል። ሁሉም `0xFF` የሆነውን አዲስ ቺፕም ሞክሬው፣ ውድቅ እንደሚያደርገው አይቻለሁ።

ናኖው ሲነሳ ስልሳ አራቱንም ያነባል። ማረጋገጫቸው ያልገጠመውን ይጥላል። ከቀሩት ተራ ቁጥሩ የቅርብ የሆነውን ይወስዳል። `seq` 65,535 ደርሶ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ «ትልቁን ምረጥ» ማለት አይሠራም። ልዩነታቸውን ነው የማየው፦ `(int16_t)(a - b) > 0` ከሆነ `a` የቅርቡ ነው። ከ64ቱ ውስጥ የቅርቡና የሩቁ በጥቂት አሥሮች ብቻ ስለሚለያዩ ይህ አይሳሳትም።

አንድም ትክክለኛ መዝገብ ካልተገኘስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ድምሩን ዜሮ አድርጎ ይቀጥላል። እኔ አላደረግኩትም። ስክሪኑ ላይ `Er` ብቻ ይወጣል፣ መቁጠርም ይቆማል። ዜሮ የሚል ቆጣሪ ትክክል ይመስላል፤ ሰው ያምነዋል። `Er` የሚለውን ግን ማንም እንደ ሰዓት ደብተር ላይ አይገለብጠውም። አዲስ ቺፕ ሲሆን አንድ ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ተጭኜ እኔው አስጀምረዋለሁ።

የድካሙ ሂሳብ አሁን ምን ይመስላል? ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ በየ60 ሰከንዱ ይጽፋል። በቀን ስምንት ሰዓት 480 ጽሑፍ ነው። ለ64 ሲካፈል ለአንድ ቦታ በቀን ሰባት ተኩል። 100,000 እስኪሞላ 36 ዓመት። ከዚያ በፊት ሌላው ነገር ሁሉ ያረጃል።

መቼ አትጻፍ

ስልሳ አራቱ ቦታዎች ዋናውን ችግር ፈቱት። ግን ልክ መብራት ሲሄድ መጻፍ የሚለውን መጥፎ ልማድ እንዲሁ መተው አልፈለግኩም። ሞተሩ ሲቆም ወዲያው አይጽፍም፤ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። መብራት ሄዶ ከሆነ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ናኖው ራሱ ይጠፋል፣ ጽሑፉም ሳይጀመር ይቀራል። ሰው ቁልፉን ተጭኖ ያቆመው ከሆነ ግን መብራቱ አለ፤ በደንብ ይጻፋል።

ሲነሳም እንዲሁ። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ አንዴ መጥቶ አይረጋም፤ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ ይላል። ትልቅ ሞተር ሲነሳም ቮልቴጁ ወረድ ይላል። ስለዚህ ናኖው ከተነሳ በኋላ ለአምስት ሰከንድ ምንም አይጽፍም። የመነሻ ቆጣሪውም ወዲያው አይጻፍም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጽሑፍ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የፊውዝ፣ ማለትም የቺፑ የውስጥ ማስተካከያ፣ ጉዳይ አለ። ኤቲሜጋ328ፒ ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱን የሚያቆምበት ጠባቂ አለው። ናኖዬ ላይ ይህ ጠባቂ 2.7 ቮልት ላይ ተስተካክሎ ነው ያገኘሁት። ሰሌዳው ደግሞ በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል። በመግለጫው መሠረት በዚያ ፍጥነት ቢያንስ 3.8 ቮልት አካባቢ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ3.8 እስከ 2.7 ባለው መንገድ ላይ ቺፑ አልቆመም፣ ሊታመንም አይችልም። ትእዛዝ ሊሳሳት ይችላል፤ የተሳሳተ ትእዛዝ ደግሞ ያላዘዝነው ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ስልሳ አራት ቦታ መኖሩ ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያድንም። ጠባቂውን ወደ 4.3 አወጣሁት፦

```
avrdude -c usbasp -p m328p -U efuse:w:0xFC:m
```

ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 4.3 የተባለው እንደ ቺፑ ከ4.1 እስከ 4.5 ሊሆን ይችላል። ናኖውን በዩኤስቢ ሶኬቱ ካበሩት መሃል ላይ ያለው ዳዮድ ትንሽ ቮልት ይበላል፤ ቀጭን ገመድ ሲጨመርበት 4.5 አካባቢ ይወርዳል። ያኔ ሰሌዳው ያለምክንያት እየጠፋ ይነሳል። እኔ ከቻርጀሩ ወጥቶ በቀጥታ ወደ 5 ቮልት ፒኑ የሚገባ ወፍራም ገመድ አደረግኩለት። ያ ፒን ዳዮዱን አያልፍም። እንደዚያ ሆኖ 4.9 ያነባል።

ጠረጴዛ ላይ ማጥፋትና ማብራት

መቀሸሪያው ቤት ሄዶ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ ፈተና አይሆንም። ሌላ አርዱዊኖና አንድ ሪሌ ወስጄ፣ የቆጣሪውን መብራት በማይታወቅ ጊዜ የሚቆርጥ ነገር ሠራሁ። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ባለው መሃል በዘፈቀደ ያጠፋል፣ ከዚያ ያበራል። ቆጣሪው ሲነሳ ያገኘውን ቁጥር ወደ ኮምፒውተሬ ይልካል። ለፈተናው ብቻ የአምስት ሰከንዱን ጥበቃ አንስቼ፣ በየ200 ሚሊሰከንዱ እንዲጽፍ አደረግኩት፤ መቆረጡ ጽሑፍ መሃል ላይ እንዲያርፍ ነው። አሮጌ ናኖ ነው የተጠቀምኩት፣ በፈተና ብዙ ስለሚጻፍበት።

ሁለተኛውን ፕሮግራም መጀመሪያ አስገባሁ። ሃምሳ ጊዜ ሳይቆረጥ ቁጥሩ ተሳስቶ ተነሳ። ስህተቱን በዓይኔ ማየቴ ትልቅ ነገር ነበር፤ ፈተናው አሮጌውን ስህተት ካላሳየ አዲሱ ማለፉ ምንም አይነግረኝም። ከዚያ ሦስተኛውን አስገብቼ ተኛሁ። ጠዋት 500 መቆረጥ አልፏል። ከመቆረጡ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ማረጋገጫው ያልገጠመ መዝገብ ተገኝቷል፤ ሁልጊዜም አንድ ብቻ፣ ሁልጊዜም ከመጨረሻው ትክክለኛ መዝገብ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ። ድምሩ ግን አንድም ጊዜ ከአንድ ጽሑፍ በላይ ወደ ኋላ አልሄደም።

ኢኢፕሮም የሌለው ቺፕ ለያዘ ሰው ሥራው ትንሽ ይለያል። ለምሳሌ ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ላይ ያለው ፍላሽ ብቻ ነው። ባይት በባይት አይሰረዝም፤ 1 ኪሎባይት ገጽ በሞላ ይሰረዛል፣ ያም ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ዕድሜውም 10,000 ጊዜ ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሁለት ገጽ ያዙ። አንዱ ላይ መዝገብ እየደረደራችሁ ሂዱ። ሲሞላ አዲሱን መዝገብ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጻፉ፣ ማረጋገጫውን መልሳችሁ አንብቡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የመጀመሪያውን ሰርዙ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መብራት ሲሄድ ሁለቱም ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ።

መቀሸሪያው ቤት

ከመግጠሜ በፊት እትዬንና ማሽን የሚያሠራውን ልጅ አንድ ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው። መብራት በሄደ ቁጥር እስከ አንድ ደቂቃ ይጠፋል። በቀን ሦስት ጊዜ ቢሄድ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ሁልጊዜም ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሳሳትም። የሚጎዳው በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ስለሆነ ለእሱ በግልጽ መናገር ነበረብኝ። እትዬ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ደቂቃ እጨምርለታለሁ» አሉ። ልጁም ተስማማ። የድሮውን ድምር፣ ትክክለኛውን 328:50፣ ራሴ አስገባሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገባሁ። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ቡና ቀርቦልኝ ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ፣ ስክሪኑ 402:18 እንዳለ መብራት ሄደ። ቤቱ ጸጥ አለ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን። 402:17። እትዬ ደብተሩን አወጡ፣ 402:17 ብለው ጻፉ፣ አጠገቡ ደግሞ በትንሹ «መብራት፣ +1» ብለው ጨመሩበት።